ገልብጠን አንሽጥ

ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ አንዲት እናት ስልካቸውን አውጥተው አንድ የፓወር ፖይንት ፋይል አሳዩኝ። ልጃቸው ያን ጊዜ ዘጠነኛ ክፍል ነበር። ፊዚክስ አልገባ ስላለው በአንድ ድርጅት በኩል ቅዳሜ ቅዳሜ አስጠኚ ይመጣለት ነበር። «ቲቸር፣ እስቲ ይህን ይዩልኝ» አሉኝ። «ሲያስጠናው አጠገባቸው ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ሁሉን ያነብለታል፤ ልጁም ገባኝ ይላል። ፈተና ሲመጣ ግን ባዶ ወረቀት ነው። የልጄ ጭንቅላት ነው ወይስ ሌላ ነገር አለ?»

ፋይሉ 46 ስላይድ ነበረው። ሁለተኛው ስላይድ ላይ የምዕራፉ ዓላማዎች ከመርሐ ትምህርቱ ቃል በቃል ተገልብጠዋል። ከሦስተኛው እስከ ሠላሳ ዘጠነኛው ድረስ የመማሪያ መጽሐፉ አንቀጾች ናቸው፤ ፊደላቸው አንሶ፣ ተጨናንቀው፣ ከመጽሐፉ የሚለዩት ሰማያዊ ጀርባ ስላላቸው ብቻ ነው። ተማሪው በእጁ እንዲሠራው የታሰበው ተግባር በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ተለጥፏል፤ ከሥሩ «ቤት ውስጥ ይሠራል» ይላል። መጨረሻ ላይ 12 የክለሳ ጥያቄዎች አሉ፤ የእያንዳንዱ መልስ እዚያው ከጥያቄው ሥር በቀይ ተጽፏል።

የልጁ ጭንቅላት እንዳልሆነ ነገርኳቸው። ያልነገርኳቸውን ዛሬ እዚህ እጽፈዋለሁ፤ ምክንያቱም እኔም አስጠኚ ነኝ፣ ከዚህ ሥራ እንጀራ እበላለሁ፣ የሙያ ባልደረቦቼ የሚያደርጉት ነገር አንገቴን ያስደፋኛል። ያ ፋይል የትምህርት ዝግጅት አይደለም። መጽሐፉ ልጁ ቦርሳ ውስጥ አለ። እናትየው በሰዓት የከፈሉት ልጃቸው ቦርሳው ውስጥ ያለውን መጽሐፍ በላፕቶፕ መልሶ እንዲያየው ነው። ይህን በሱቅ ብናደርገው ስሙ ማጭበርበር ነው።

«ጊዜ የለንም» የሚለውን መልስ አውቀዋለሁ። ግን 46 ስላይድ መገልበጥ ሙሉ ሌሊት ይፈጃል። እኔ ለዚያው ምዕራፍ የማዘጋጀው 11 ስላይድ ነው፤ የሚፈጅብኝ ሦስት ሰዓት ያህል ነው፤ ከሦስቱ የመጀመሪያውን ሰዓት ኮምፒውተር አልከፍትም። ልዩነቱ ከየት እንደምንጀምር ነው። ስለዚህ ያንኑ ምዕራፍ፣ በቀጥታ መስመር ላይ የሚደረግ ወጥ አክስለሬሽን ያለውን እንቅስቃሴ፣ ይዤ ምን ማለቴ እንደሆነ ላሳይ። ፊዚክስ የማያስጠና ሰው ቢያነበውም ነገሩ ይገባዋል።

መጀመሪያ ዓላማዎቹን በወረቀት ላይ እጽፍና ግሶቹን አሰምርባቸዋለሁ። የዚህ ምዕራፍ ዓላማዎች ሲጠቃለሉ አራት ናቸው፦ ተማሪው አክስለሬሽን ምን እንደሆነ በራሱ ቃል ይገልጻል፤ በቀመሮቹ ያሰላል፤ የፍጥነትና የጊዜ ግራፍ ይተረጉማል፤ ወጥ አክስለሬሽንን በሙከራ ያሳያል። ይገልጻል፣ ያሰላል፣ ይተረጉማል፣ ያሳያል። እያንዳንዱ ግስ ተማሪው የሚሠራው፣ እኔ በዓይኔ የማየው ወይም በጆሮዬ የምሰማው ነገር ነው። ሮበርት ሜገር የሚባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1962 ስለ ትምህርት ዓላማ አጻጻፍ ባወጣው ትንሽ መጽሐፍ የወተወተው ይህንኑ ነው፤ «ይረዳል»፣ «ያውቃል» የሚሉ ቃላት ማንም የማይመሰክርባቸው ስለሆኑ ዓላማ ሊሆኑ አይችሉም ይላል። ዓላማው «ይረዳል» ካለ፣ እኔ ራሴ ወደሚታይ ግስ እለውጠዋለሁ። ዓላማውን ለልጁ በስላይድ ማንበብ ግን ምንም አይሠራም። ዓላማ የተጻፈው ለእኔ ነው። ልጁ ገና ያልተማረውን ቃል የያዘ ዓረፍተ ነገር ቢያነቡለት ምን ይጠቅመዋል?

ቀጥሎ የክለሳ ጥያቄዎቹን እወስድና እያንዳንዱን ከአንድ ዓላማ ጋር በመስመር አገናኛለሁ። ዓይኔን የሚከፍተው ይህ ነው። በዚያ ፋይል ላይ የነበሩትን 12 ጥያቄዎች እንዲህ አድርጌ ቆጠርኳቸው። ዘጠኙ «ያሰላል» ላይ አረፉ። ሁለቱ የአክስለሬሽንን ትርጉም በመጽሐፉ ቃል የሚጠይቁ ነበሩ። ግራፍን የሚመለከተው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የሚጠይቀው በአግድሙ መስመር ላይ ምን እንደሚጻፍ ነው። ሙከራን የሚመለከት አንድም የለም። ከአራት ዓላማዎች ሁለቱ ወላጅ አልባ ሆነው ቀርተዋል ማለት ነው። ልጁ 12ቱንም መልሶ ግራፍ ማንበብ የማይችል ሆኖ ሊወጣ ይችላል። የሆነውም ይኸው ነው።

«ያሰላል» ላይ ያረፉትን ዘጠኙንም ጠጋ ብላችሁ እዩአቸው። አንዱ እንዲህ ነው፦ አንድ መኪና ከቆመበት ተነሥቶ በ2 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር አክስለሬሽን ለ4 ሰከንድ ቢሄድ የመጨረሻ ፍጥነቱ ስንት ነው? እኔ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ አንድ መፈተሻ አለኝ። ታሪኩን አጥፍቼ ቁጥሮቹን ብቻ አስቀራለሁ፦ `u = 0`፣ `a = 2`፣ `t = 4`። ልጁ አሁንም ሳይቸገር `v = u + at` ብሎ 8 ካገኘ፣ ጥያቄው ስለ መኪናው ምንም አልጠየቀም፤ የጠየቀው ማባዛት መቻሉን ነው። ማባዛት መለማመድ ክፋት የለውም፤ ሁለት ሦስት እንዲህ ያለ ጥያቄ ያስፈልጋል። ዘጠኝ ግን አያስፈልግም።

ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራዬ ስላይድ መሥራት ሳይሆን ለተረሳው ዓላማ ጥያቄ መጻፍ ነው። ለግራፉ የምጠቀምበትን አንዱን ልንገራችሁ። አንድ ሚኒባስ በሰከንድ 8 ሜትር ፍጥነት ሳይጨምር ሳይቀንስ መብራቱን ያልፋል። ልክ በዚያች ቅጽበት መብራቱ ላይ ቆሞ የነበረ ሞተር ብስክሌት ይነሣል፤ አክስለሬሽኑ 2 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ነው። የሁለቱ የፍጥነትና የጊዜ ግራፍ በአንድ ወረቀት ላይ ተሥሏል። የሚኒባሱ መስመር አግድም ነው፤ የሞተሩ ከዜሮ ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል። ሁለቱ መስመሮች በ4ኛው ሰከንድ ላይ ይቆራረጣሉ። ጥያቄው፦ በዚያች ሰዓት ሞተሩ የት ነው?

አብዛኞቹ ተማሪዎቼ ሳያመነቱ «ደርሶበታል» ይላሉ። መስመሮቹ ተገናኝተዋላ! ልጁ ግራፉን እንደ መንገድ ሥዕል ነው የሚያየው። ይህ የእኛ ልጆች ጉድለት እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የነበሩት የፊዚክስ መምህርት ሊሊያን ማክደርሞትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ጥናት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳይቀሩ የግራፍን ከፍታ ከግራፉ ዝንባሌ ጋር እንደሚያደናግሩ፣ ግራፍንም ከእውነተኛው እንቅስቃሴ ጋር ማገናኘት እንደሚቸግራቸው አሳይተዋል። ከዚያ ቀደም ብሎ በዚያው ቡድን በተደረጉ ጥናቶች፣ ሁለት ኳሶች ጎን ለጎን በሆኑባት ቅጽበት ፍጥነታቸው እኩል ነው ብለው የሚያስቡ ተማሪዎች ብዙ መሆናቸው ታይቷል። የእኛው ሚኒባስና ሞተር ይህንኑ ስህተት ገልብጠው ያሳያሉ፤ ፍጥነታቸው እኩል ስለሆነ ልጁ ቦታቸውንም እኩል ያደርገዋል።

እውነቱን በግራፉ ሥር ያለው ስፋት ይነግረናል። ሚኒባሱ በ4 ሰከንድ የሄደው 8 በ4 ተባዝቶ 32 ሜትር ነው፤ አራት ማዕዘን ነው። የሞተሩ ሦስት ማዕዘን ነው፤ የ8 በ4 ግማሽ፣ 16 ሜትር። ሞተሩ 16 ሜትር ወደ ኋላ ቀርቷል። የተቆራረጡት ፍጥነቶቹ ናቸው። የሚደርስበት በ8ኛው ሰከንድ፣ ከመብራቱ 64 ሜትር ላይ ነው። ያን ጊዜ የሞተሩ ፍጥነት በሰከንድ 16 ሜትር፣ የሚኒባሱ እጥፍ ነው። ይህን ያየ ልጅ ዝም ይልና «ታዲያ ሲደርስበት በጣም እየበለጠው ነው ማለት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ያቺን ጥያቄ ለመስማት ነው የማስጠናው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። «ምን ያህል ወደ ኋላ ቀርቷል?» ብዬ ጠይቄ ልጁ «ዜሮ» ቢለኝ፣ ስህተቱን አወቅሁት ማለት አይደለም። ዜሮ ላይ በሁለት መንገድ ይደረሳል። አንደኛው መስመር ሲቆራረጥ መገናኘት ነው ብሎ ነው። ሁለተኛው ለሞተሩም 8 በ4 አባዝቶ 32 አግኝቶ፣ ከ32 ላይ 32 ቀንሶ ነው፤ ይህኛው ልጅ ስፋቱን ማግኘት እንዳለበት ያውቃል፣ የተሳሳተው ሞተሩ ከመጀመሪያው ጀምሮ በ8 የሄደ አድርጎ በመቁጠሩ ነው። ሕመማቸው የተለያየ ነው፤ መድኃኒቱም አንድ አይደለም። ስለዚህ «እንዴት አገኘኸው?» የምትለው ጥያቄ በዝግጅቴ ላይ ተጽፋ ትቀመጣለች። በልጁ ስላይድ ላይ አይደለም፤ ከስላይዱ ሥር `Notes` የሚል ቦታ አለ፣ እዚያ ነው። የምናገረው ሁሉ እዚያ ነው የሚገባው። ያ አስጠኚ በ46 ስላይዶቹ ላይ አንዲት ቃል እዚያ አልጻፈም፤ የልጁንና የራሱን አንድ ላይ ዘርግፎታል።

ጽሑፍ ደርድሮ እያዩ ማንበብ ለምን እንደሚጎዳም ልበል። ልጁ ዓይኑ ስላይዱን እያነበበ ጆሮው ያንኑ ቃል ከአስጠኚው ሲሰማ ሁለቱ አይደጋገፉም፤ ይሻማሉ። እሱ በራሱ ፍጥነት ያነባል፣ እኛ በራሳችን እንናገራለን፣ ልጁ ሁለቱን ለማስታረቅ ሲደክም ስለ ሞተሩ የሚያስብበት ጉልበት አይተርፈውም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሪቻርድ ሜየር ይህን ለዓመታት ሲያጠና ኖሯል፤ ሥዕልን በንግግር ማስረዳት፣ ያንኑ ንግግር በጽሑፍ ደግሞ ከመጨመር የተሻለ እንደሚያስተምር ደጋግሞ አሳይቷል። ስለዚህ የእኔ ስላይድ ላይ ግራፉ ብቻ አለ። ሁለት መስመር፣ ሁለት ቁጥር፣ አንድ ጥያቄ። የሚያይ ሰው «ባዶ ነው» ይላል። ባዶ የሆነው ልጁ እንዲናገርበት ነው።

አሁን በጣም ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ፤ ፎቶ ተነሥቶ ወደተለጠፈው ተግባር። «ይህ ለትምህርት ቤት ነው፣ እኛ ላቦራቶሪ የለንም» ይላሉ። ለዚህ ተግባር የሚያስፈልገው የመጋረጃ ሀዲድ፣ አንድ ብይ፣ ሁለት ቀጫጭን መጽሐፍና ሰዓት ያለው ስልክ ነው። ይህ የማይገኝበት ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ሀዲዱ ባይኖር እንኳ በርዝመቱ ጎድጎድ ያለ ማንኛውም ቀጥ ያለ ነገር ይበቃል። ጋሊልዮ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፉ የገለጸው ሙከራም ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ቦይ የተቀደደለት እንጨት ላይ የነሐስ ኳስ እየለቀቀ ነው፣ ጊዜውንም የለካው ከዕቃ በቀጭኑ የሚፈስ ውኃ በመመዘን ነው። በዘመኑ በእጅ የሚያዝ የሰከንድ መቁጠሪያ አልነበረም። እኛ በኪሳችን ይዘን ፎቶ እንለጥፋለን።

የማሠራው እንዲህ ነው። የሀዲዱ ርዝመት ሁለት ሜትር ይሁን። አንዱን ጫፍ 4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ አደርገዋለሁ። ብዩን ሳልለቅ በፊት አንዲት ስላይድ እከፍታለሁ፤ በላይዋ ላይ የሀዲዱ ሥዕልና አንድ ጥያቄ አለ፦ «ብዩ ከላይ እስከ ታች ለመድረስ ከሚፈጅበት ጊዜ ግማሹ ሲያልፍ የት ይገኛል? ጣትህን አድርግበት።» ልጁ ጣቱን በሀዲዱ ላይ ያደርጋል፤ እኔም በእርሳስ ምልክት አደርጋለሁ። በተደጋጋሚ ያየሁት ምልክት መሃል ላይ፣ አንድ ሜትር አጠገብ ነው። ከዚያ እንለቃለን። እንደ ብዩ መጠንና እንደ ሀዲዱ ቢለያይም፣ በዚህ ዝንባሌ ጫፍ ለመድረስ 5 ሰከንድ ወይም ትንሽ በላይ ይፈጅበታል። ግማሹ ጊዜ ሲያልፍ የደረሰው ግን 50 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። ሩብ መንገድ! ቀሪውን ሦስት አራተኛ በቀሪው ግማሽ ጊዜ ይሄደዋል። ልጁ አያምንም፤ እንደገና ልልቀቅ ይላል። ይልቀቅ። ሲደጋግመው፣ ጊዜ እጥፍ ሲሆን ርቀቱ አራት እጥፍ እንደሚሆን በጣቱ ነክቶ ያውቀዋል። ቀመሩ ውስጥ ያለችው የ`t` ስኩዌር ከየት እንደመጣች ከዚያ በኋላ ማንም ሊያስረሳው አይችልም።

ይህ ሙከራ የሚበላሽባቸው መንገዶች አሉና አስቀድሞ ቤት ውስጥ መሞከር ግዴታ ነው። ዋናው ጥድፊያ ነው። ብዩ በደንብ እንዲሮጥ ብሎ ጫፉን 20 ሴንቲ ሜትር ያነሣ አስጠኚ ሙሉ ጉዞውን ወደ ሁለት ሰከንድ ያህል ያወርደዋል፤ ሩቡ ላይ የሚደርስበት ጊዜ ከአንድ ሰከንድ ብዙም አይበልጥም። የሰው ጣት ሰዓት ለመጫን ሁለት አሥረኛ ሰከንድ ያህል ይዘገያል። ከአምስት ሰከንድ ላይ ይህ ትንሽ ነው፤ ከአንድ ሰከንድ ላይ ግን ውጤቱን ያዛባዋል። ሌላው የሀዲዱ መሃል መርገብ ነው፤ ያን ጊዜ ብዩ መጀመሪያ ይፈጥንና መጨረሻ ላይ ይደክማል፣ አክስለሬሽኑም ወጥ መሆኑ ይቀራል። ከመሃሉ ሥር አንድ ነገር መደገፍ ነው። ልጁ ብዩን ገፋ አድርጎ ከለቀቀውም እንዲሁ ይበላሻል፤ በእርሳስ ዘንግ ይዞ እርሳሱን ማንሣት ይሻላል። አንዱን ርቀት ሦስት ጊዜ ለክታችሁ ውጤቶቹ ከሦስት አሥረኛ ሰከንድ በላይ ከተለያዩ፣ ከእነዚህ አንዱ ደርሶባችኋልና ቁጥሩን አትቀበሉት። ይህን ለልጁም ንገሩት። ቁጥር መጠራጠር የዚያ የአራተኛው ዓላማ ግማሽ አካል ነው።

ሙከራው ከነድግግሞሹ 20 ደቂቃ ይወስዳል። ከ90 ደቂቃ ውስጥ 20 ደቂቃ በብይ አጠፋህ የሚለኝ ወላጅ አጋጥሞኛል። እንዲህ ብዬ ነው የምመልሰው፦ የማስጠናበት ሰዓት ወደ 60 ደቂቃ ቢወርድ እንኳ የምቆርጠው የቀመሮቹን አመጣጥ የሚያሳየውን ስላይድ ነው፤ እሱ መጽሐፉ ውስጥ በደንብ ተጽፏል፣ ልጁ ለብቻው ሊያነበው ይችላል። ብዩን ግን መጽሐፉ ሊለቅለት አይችልም። እኔ እዚያ ቤት የተገኘሁት መጽሐፉ ሊያደርግለት ለማይችለው ነገር ነው።

የቀረው የክለሳ ጥያቄዎቹ ነገር ነው፤ እነሱን ከነመልሳቸው መጨረሻ ላይ መደርደር ከሁሉ የከፋ ነው እላለሁ። እናትየው «ልጁ ገባኝ ይላል» ያሉኝን አስታውሱ። ልጁ አልዋሸም። መልሱ በቀይ ከፊቱ ተጽፎ ጥያቄውን ሲያነብ በእርግጥ የገባው መስሎታል። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎችን በቡድን ከፍለው አንዱን ቡድን ጽሑፍ ደጋግሞ እንዲያነብ፣ ሌላውን አንብቦ ወረቀቱን ሳያይ የሚያስታውሰውን እንዲጽፍ አደረጉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ሳያዩ ያስታወሱት በሰፊው በለጧቸው። አስጠኚው ቅዳሜ ከሰዓት ሲወጣ ልጁ ሁሉን የሚመልስ መስሎ የሚታየው፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን የማያስታውሰው ለዚህ ነው። ወላጅ የሚከፍለው አስጠኚው ሲወጣ በሚያየው ነው። አስጠኚው ይህን ያውቃል። እያወቀ ለአምስት ደቂቃ የሚቆይ እውቀት መሸጥ ምን ይባላል?

እኔ የምዕራፉን ጥያቄዎች በአንድ ቀን አልጨርሳቸውም። የሚኒባሱና የሞተሩ ጥያቄ በዚያው ቀን ይሠራል። በሚቀጥለው ቅዳሜ የመጀመሪያዋ ስላይድ፣ ገና ሰላምታ እንደተለዋወጥን፣ ያለፈውን ሳንከልስ፣ ወረቀትና እርሳስ ብቻ የምታስይዝ ጥያቄ ናት፦ ሞተሩ ቀድሞ የሚሄድ፣ ሚኒባሱ ደግሞ ከቆመበት የሚነሣ ሆኖ ግራፉን ሣል። ልጁ ይቸገራል። መቸገሩ መልካም ነው፤ አምስት ደቂቃ እጠብቃለሁ። መልሱ የሚቀጥለው ስላይድ ላይ ነው፤ እኔ ካልነካሁት አይታይም። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ደግሞ አንድ ጥያቄ፣ ሌላ ምዕራፍ እየተማርን ሳለ፣ ድንገት ትመጣለች። በ11ዱ ስላይዶች ውስጥ ጥያቄና መልስ ያልሆኑት ሦስት ብቻ ናቸው።

አንድ ነገር በቅንነት መናገር አለብኝ። ይህ ዝግጅት ለአንድ ልጅ ወይም ለሁለት ነው። ስድስት ልጅ በአንድ ሳሎን ሰብስቦ ለሚያስጠና ሰው ጣትህን አድርግበት የምትለው ስላይድ አትሠራም፤ ቀዳሚው ልጅ ያደረገበት ቦታ ላይ ሁሉም ጣታቸውን ያደርጋሉ። ለእነሱ ግምታቸውን በየወረቀታቸው ጽፈው እንዲደፉት ማድረግ ያስፈልጋል፣ ከዚያ በአንድ ላይ ይገልጡታል። በስልክ ለሚያስጠናም ስላይዱ ላይ ያለው ግራፍ በትንሽ ስክሪን እንዲነበብ መስመሮቹ መወፈር አለባቸው፤ ብዩን ደግሞ ልጁ በራሱ ቤት ይልቀቅ እንጂ እኛ ለቀን በካሜራ አናሳየው። ስላይድ ከአንዱ ለአንዱ በቴሌግራም እየተላከ እንዳለ የሚሠራ ነገር አይደለም። ድርጅቶቹ ግን የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ አንድ ፋይል ለሃያ አስጠኚ ይበትናሉ፣ አስጠኚውም ቤቱ ሲደርስ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከፍተው። ልጁን የማያውቅ ሰው ያዘጋጀውን፣ ምዕራፉን ያላየ ሰው ያነበዋል።

ለወላጆች የምለው አጭር ነው። ፋይሉ ስንት ስላይድ እንደሆነ አትጠይቁ። ሩብ ሰዓት አጠገባቸው ተቀመጡና ማን እንደሚናገር ስሙ። አስጠኚው ብቻ የሚናገር ከሆነ ገንዘባችሁን ያዙ። አስጠኚው ሲወጣ ልጁን «ገባህ?» አትበሉት፤ ሐሙስ ወይም ዓርብ ማታ ወረቀት ስጡትና የቅዳሜውን ሣልልኝ በሉት።

ለእናንተ፣ በዚህ ሥራ ላሉት ወንድሞቼና እህቶቼ፦ በየሰው ሳሎን ጫማችንን አውልቀን ስንገባ ሻይ ይቀርብልናል፣ የቤቱ ሰው ቴሌቪዥን ይዘጋልናል፣ ታናናሾቹ ወደ ጓዳ ይባረራሉ። ይህ ሁሉ ክብር የሚሰጠን ከመጽሐፉ የበለጠ ነገር ይዘን መጥተናል ተብሎ ነው። የፊታችን ቅዳሜ ከመሄዳችሁ በፊት የአንድ ምዕራፍ ፋይላችሁን ክፈቱ። ከጥያቄዎቹ ሥር ያሉትን ቀይ መልሶች አጥፉ። ከመጽሐፉ የተገለበጠውን ሁሉ አጥፉ። ፎቶ የተነሣውን ተግባር አጥፉና ዕቃውን በቦርሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

በኋላ እኔው ሙከራውን ያሠራሁት የዚያች እናት ልጅ አሁን አሥረኛ ክፍል ነው። የመጋረጃ ሀዲዱ እስካሁን አልጋው ሥር ነው፤ በእርሳስ የተደረጉት ሁለት ምልክቶች፣ የእሱ ግምት መሃል ላይ፣ እውነተኛው ሩቡ ላይ፣ አልጠፉም።